በጠብ ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው፦ ከመያዝ እስከ መጀመሪያው ችሎት ምን ይደረግ?

ባሕር ዳር ውስጥ ዓርብ ማታ ጠብ ተነስቶ ሰው ሲያዝ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሮጠው ዋስ ፍለጋ ነው። ከዋሱ በፊት የሚቀድም ሥራ ግን አለ፤ ሰውየው በስንት ሰዓት እንደተያዘ መጻፍ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክርክር ሁሉ፣ ፍርድ ቤት የመቅረቡም ለምርመራ ታስሮ የሚቆይበት የጊዜ ቀጠሮውም፣ የሚቆጠረው ከዚያች ሰዓት ነው።

መመሪያው እንዳይበታተን አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ዓርብ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አባይ ማዶ አካባቢ ከሌላ ሰው ጋር ተጣላ እንበል። ያኛው ወድቆ ግንባሩ ተፈነከተና ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ተወሰደ። ሹፌሩን ፖሊስ እዚያው ያዘው። ጣቢያ ሲደርሱ 3 ሰዓት ሆኗል፤ ስሙ መዝገብ ላይ የሰፈረው ደግሞ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ሰዓቱ ከየት ይጀምራል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል። ቆጠራው የሚጀምረው ከመያዙ እንጂ ስሙ መዝገብ ላይ ከመስፈሩ አይደለም። ስለዚህ የሹፌራችን ሰዓት የሚሞላው እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። መዝገቡን ካመንን እስከ 4 ሰዓት ተኩል ይገፋል። ሁለት ሰዓት ተኩል ትንሽ ቢመስልም፣ ሰው ማለዳ ተይዞ ከሰዓት በኋላ የተመዘገበ ጊዜ ልዩነቱ ግማሽ ቀን ይሆናል።

በቦታው የነበረ ሰው ያየውን ሰዓት፣ ቦታውንና የያዘውን ፖሊስ ስም ወይም መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ያስፍር። በስልክ ለቤተሰብ የተደወለበት ሰዓትም ማስረጃ ነው፤ የጥሪ ዝርዝሩን አያጥፉት።

ከ48ቱ ሰዓት የሚቀነሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ለሚደረገው ጉዞ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ። ይህ ለሐይቁ ዳር ሰው ትርጉም አለው። ደቅ ደሴት ላይ የተያዘ ሰው ጀልባ ይጠብቃል፤ ከዘጌም ቢሆን በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህ ሲቀነስ ቅር የሚል የለም። አባይ ማዶ ላይ የተያዘ ሰው ግን የሩብ ሰዓት መንገድ ነው ያለው፤ «መንገድ ነው ያዘገየን» የሚል ምክንያት ከተማ ውስጥ አይሠራም።

ሲያዝ ምን ሊነገረው ይገባል?

ፖሊስ ሰው ከመያዙ በፊት በጥቅሉ በጽሑፍ መጥሪያ ሊጠራው፣ ካልመጣ ደግሞ የፍርድ ቤት የመያዣ ማዘዣ ሊያወጣበት ይገባል። ለዚህ ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ዋናው እጅ ከፍንጅ መያዝ ነው። የእኛ ሹፌር ጠቡ ላይ ስለተያዘ «ማዘዣ የለህም» ብሎ መከራከር ጉልበት ማባከን ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤቱ ድረስ መጥተው ቢይዙት ኖሮ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ማዘዣው ነበር፤ ያዡ ፖሊስም ማዘዣውን ማንበብና ከተጠየቀ ማሳየት አለበት።

ማዘዣ ኖረም አልኖረም የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። «ትፈለጋለህ» ምክንያት አይደለም። «በእገሌ ላይ ባደረስከው የአካል ጉዳት ተጠርጥረህ ነው» ምክንያት ነው። አማርኛ በደንብ የማይሰማ፣ ለምሳሌ አዊኛ ወይም ጉምዝኛ ተናጋሪ ከሆነ ቃሉ የሚወሰደው በአስተርጓሚ ነው።

ቃል መስጠት፦ 27 እና 35

ፖሊሶችም ጠበቆችም «በ27 ቃሉን ሰጠ»፣ «በ35 አመነ» ይላሉ። ቁጥሮቹ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጾች ናቸው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

በ27 መርማሪ ፖሊስ መጀመሪያ ማንነቱንና አድራሻውን ይጠይቃል፤ ይህን መመለስ ይገባል። ከዚያ ስለ ክሱ ይጠይቃል። እዚህ ላይ መርማሪው ከመጠየቁ በፊት ሁለት ነገር መንገር አለበት፤ አለመመለስ እንደሚቻል፣ የተመለሰው ደግሞ በማስረጃነት ሊቀርብ እንደሚችል። ዝም ማለት ጥፋትን ማመን አይደለም። ለማለት የሚበቃው ይህን ያህል ነው፦ «ስሜና አድራሻዬ ይኸው። ስለ ጉዳዩ ጠበቃ ሳላማክር ቃል አልሰጥም፤ እንዲሁ ይጻፍልኝ።» «ቃል ካልሰጠህ አትፈታም» ቢባል አይደንግጥ። እስሩ ይቀጥል አይቀጥል የሚወስነው ዳኛ ነው።

ቃል ልስጥ ካለ ደግሞ አደጋው ያለው በአጻጻፉ ላይ ነው። የሚናገረው ተጠርጣሪው ነው፤ የሚጽፈው ግን መርማሪው። ሹፌሩ «ገፋኝ፣ እኔም ገፋሁት፣ ሲወድቅ ድንጋይ አገኘው» ብሎ ሲያበቃ ወረቀቱ ላይ «በንዴት ተነሳስቼ መትቼ ጣልኩት» ተብሎ ሊገኝ ይችላል። የግድ ተንኮል ላይሆን ይችላል፤ መርማሪው የለመደው ቋንቋ ነው። ፍርድ ቤት ላይ ግን ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች የተለያየ ዕጣ አላቸው። ስለዚህ ቃሉ ይነበብለት፤ ማንበብ ከቻለ ራሱ ያንብብ። ያልተናገረው ካለ ይሰረዝና ከአጠገቡ ይፈረም። በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻና በፊርማው መካከል ባዶ መስመር ካለ ይሰመርበት። ባዶ ወረቀት ላይ መፈረም ፈጽሞ የለም።

35 ሲባል ቃሉ የሚሰጠው ለዳኛ ነው። ዳኛው ቃሉ በፈቃድ የተሰጠ መሆኑን ሳያረጋግጥ መመዝገብ አይችልም። በ35 የተሰጠ ቃልን በኋላ «ተገድጄ ነው» ብሎ ማፍረስ ከ27ቱ በጣም ይከብዳል። ጣቢያ ውስጥ ተደብድቦ ወይም «ካመንክ ትፈታለህ» ተብሎ የተወሰደ ሰው ይህን መናገር ያለበት እዚያው ዳኛው ፊት ነው። ሕገ መንግሥቱ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል። ተፈጻሚ የሚሆነው ግን መገደዱ ሲታወቅ ነው። ሰውነቱ ላይ ምልክት ካለ ያሳይ፤ «ሐኪም ይየኝ፣ ያልኩትም መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ» ይበል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሲናገር ቁስሉ ደርቆ ይሆናል።

ጠበቃ መቼ፣ ከየት?

የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 61 የታሰረ ሰው ወዲያው ጠበቃውን ጠርቶ እንዲያነጋግር ይፈቀድለታል ይላል፤ ከጠየቀም መጻፊያ ይሰጠዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ደግሞ የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዱ፣ ጓደኛው፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት መብት ይሰጠዋል። «ምርመራው እስኪያልቅ መጠየቅ አይቻልም» የሚል መልስ በረኛው ላይ ሲገጥም፣ ከበረኛው ጋር ከመጨቃጨቅ የጣቢያውን ኃላፊ ወይም የምርመራ ክፍሉን ኃላፊ ማግኘት ይሻላል። ክልከላው ከማን፣ በስንት ሰዓት እንደመጣ ይጻፍ፤ ለችሎት ይጠቅማል።

አንድ ክፍተት ግን አለ። ሕጉ ጠበቃ ይጠራ ይላል እንጂ ጠበቃ እስኪመጣ ጥያቄ ይቁም ብሎ በግልጽ አልጻፈም። ስለዚህ ተጠርጣሪውን ጠበቃው እስኪደርስ የሚጠብቀው ዝም የማለት መብቱ ነው። «ጠበቃ እፈልጋለሁ» ካለ በኋላ መተረክ የቀጠለ ሰው መብቱን ለራሱ አላዋለውም።

ገንዘብ ለሌለው ሰው መንግሥት የሚያቆመው ተከላካይ ጠበቃ አለ። ሕገ መንግሥቱ ግን ይህን መብት የሚሰጠው ለተከሰሰ ሰው ስለሆነ በተግባር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጠቅመው የግል ጠበቃ ወይም ነፃ የሕግ ድጋፍ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተከፍቶ ላይገኝ ስለሚችል ዓርብ ማታውኑ ወይም ቅዳሜ ማለዳ ስልክ መደወል ያስፈልጋል። ለጠበቃው መነገር ያለበት የተያዘው ሰው ሙሉ ስም፣ ያለበት ጣቢያ፣ የተያዘበት ሰዓትና የተጠረጠረበት ነገር ነው።

ቅዳሜና እሑድ

ዓርብ ማታ የተያዘ ሰው ትልቁ እንቅፋቱ ይህ ነው። «ሰኞ ይቀርባል» ይባላል። ሕገ መንግሥቱ ግን እሑድንም በዓልንም ከ48ቱ ሰዓት አልቀነሰም። ፍርድ ቤቶች በዕረፍት ቀን ተረኛ ችሎት የሚመድቡት እንዲህ ላለ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ከቤተሰብ አንዱ ወደ ጣቢያው፣ ሌላው ወደ ፍርድ ቤቱ ይሂድ። ጣቢያ የሄደው ለመርማሪው «48 ሰዓቱ እሑድ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይሞላል፤ ዛሬ ተረኛ ችሎት ይቅረብልን» ብሎ በጨዋ ቋንቋ ይጠይቅ። ፍርድ ቤት የሄደው ተረኛ ዳኛ መኖሩንና በስንት ሰዓት እንደሚያስችል ይጠይቅ። ቢሳካ ሁለት ሌሊት ያድናል፤ ባይሳካ ደግሞ ተጠይቆ እንደነበር ምስክር ይኖራል።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቢቀርብ ከተያዘ 61 ሰዓት ሆኖታል። በዚህ ብቻ ዳኛው ወዲያው ይለቀዋል ማለት አይቻልም፤ ብዙ ጊዜም አይለቅም። ግን ተጠርጣሪው «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የተያዝኩት ዓርብ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ይህ ይመዝገብልኝ» ሲል ፖሊስ ለመዘግየቱ ምክንያት ማቅረብ ይኖርበታል። ምክንያት ያጣ ፖሊስ ተጨማሪ 14 ቀን ሲጠይቅ ይከብደዋል።

የጊዜ ቀጠሮ፦ 14 ቀን ጣሪያ ነው

መጀመሪያው ችሎት ላይ የሚሆነው አጭር ነው። መርማሪው የተጠረጠረበትን ወንጀል ይናገራል፣ ምርመራው አላለቀም ይልና የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። ከልማድ የሚጠየቀው 14 ቀን ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 ግን የሚለው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም ነው። ሕገ መንግሥቱም ለምርመራው የግድ አስፈላጊ የሆነው ጊዜ ብቻ እንዲሰጥ ይላል። በመደበኛው ሕግ የጊዜ ቀጠሮው ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል የተቆረጠ ቁጥር የለም፤ ስለዚህ ክርክሩ በየቀጠሮው ላይ ነው።

ሹፌራችን ላይ መርማሪው «የምስክር ቃል ይቀረናል፣ የሐኪም ማስረጃ አልመጣም» አለ እንበል። መልሱ በደፈናው «አላጠፋሁም» መሆን የለበትም፤ ጥፋቱን ዳኛው ዛሬ አይወስንም። ጠቃሚው ጥያቄ እያንዳንዱ ቀሪ ሥራ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ለእሱስ የእኔ መታሰር ለምን ያስፈልጋል የሚለው ነው። የሐኪም ማስረጃው ያለው ሆስፒታል ነው፤ ተጠርጣሪው ሄዶ ሊያበላሸው አይችልም። ምስክሮቹ ስንት ናቸው? ስማቸው ከታወቀ ቃላቸውን ለመቀበል ሁለት ቀን አይበቃም ወይ? እንዲህ ሲባል 14ቱ ወደ አምስት ወይም ሰባት ሲወርድ ይታያል።

በሁለተኛው ቀጠሮ መርማሪው ያንኑ ምክንያት ይዞ ሲመጣ «ባለፈው ለዚሁ ሥራ ሰባት ቀን ተሰጥቶ ነበር፤ በነዚያ ቀናት ምን ተሠራ?» ማለት ነው። ለዚህም የመጀመሪያውን ትእዛዝ ማስታወሻ መያዝ ያስፈልጋል። ቤተሰብ ከችሎት ሲወጣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የችሎቱን ቁጥርና የሚቀጥለውን ቀን ከሬጅስትራር ይጻፍ። ብዙ ሰው ቀጠሮው ያለፈበት ቀኑን በወሬ ስለያዘ ነው።

ዋስትናና የሐኪሙ ወረቀት

በጠብ ጉዳይ ዋስትናን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ሐኪሙ የጻፈው ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 556 ቀላል የአካል ጉዳትን በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል፤ አንቀጽ 555 ከባዱን እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት። ልዩነቱ ሰውየው ለሕይወቱ የሚያሰጋ ወይም ዘላቂ ጉዳት ደርሶበታል ወይስ ድኖ ይነሣል የሚለው ነው።

ጉዳዩ 556 ከሆነ፣ ማለትም ጽኑ እስራት የማያስከትል ከሆነ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 28 መርማሪ ፖሊሱ ራሱ በዋስ ሊለቀው ይችላል። ፍርድ ቤት እንኳ መድረስ ላያስፈልግ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ጣቢያ ሲኬድ ከጥያቄዎቹ አንዱ «ተጎጂው እንዴት ነው? ተኝቷል ወይስ ታክሞ ወጥቷል?» መሆን አለበት። ታክሞ ቤቱ ከገባ ይህንኑ ይዞ የፖሊስ ዋስ መጠየቅ ነው። ተጎጂው ገና ተኝቶ ካለና ለሕይወቱ ከተፈራ ግን ዋስትናው ይጠብቃል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ዋስትናን ሲያይ የቅጣቱን ክብደት ከተጎጂው የመሞት ዕድል ጋር አያይዞ ነው። ያኔ የሚያዋጣው «የሐኪም ማስረጃው በአጭር ቀን ይቅረብ» እያሉ መጠየቅ ነው።

ለፍርድ ቤት የሚቀርብ የዋስትና ጥያቄ በጽሑፍ ነው፤ ምክንያቱንና ሊያቀርቡ የፈለጉትን ዋስ ይይዛል። ፍርድ ቤቱ የዐቃቤ ሕግ ወይም የመርማሪውን አስተያየት ጠይቆ በ48 ሰዓት ውስጥ ይወስናል። ሊከለከል የሚችልባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ ግዴታውን አክብሮ አይቀርብም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ሲገመት። ማመልከቻው ለነዚህ ለሦስቱ መልስ ይስጥ፤ ቋሚ አድራሻ፣ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ፣ የባጃጁ ሥራ። የዋስትናው መጠን ሲወሰን የተጠርጣሪው አቅም ስለሚታይ የገቢ ማስረጃ ካለ ይያያዝ። ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል።

በመሐል ሽማግሌ መግባቱ አይቀርም፤ ደግም ነው። ግን ክስ ሳይመሠረት በሚጻፍ የእርቅ ወረቀት ላይ «መታሁት» የሚል ቃል ተጽፎ ተፈርሞ ከወጣ፣ ወረቀቱ ዞሮ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። «በመካከላቸው የተፈጠረውን አለመግባባት በእርቅ ጨርሰዋል፤ የሕክምና ወጪ ተከፍሏል» ማለት ይበቃል።

48 ሰዓቱ አልፎ ካልቀረበ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 4 በጊዜው ያልቀረበ ሰው ፍርድ ቤት እንዲያስለቅቀው የመጠየቅ መብት አለው ይላል፤ ይህም መብት የማይጣስ ተብሏል። መንገዱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ የተጻፈው አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ነው። ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ቤተሰብም ሊያቀርበው ይችላል፤ ከመሐላ ቃል ጋር ይያያዛል። ይህን ያህል ይበቃል፦

«ባለቤቴ እገሌ ዓርብ … ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በ… ፖሊስ ተይዞ በ… ጣቢያ ይገኛል። እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት አልቀረበም። መያዙን ያዩት እገሌና እገሊት ናቸው። ያሠረው አካል ይዞት ቀርቦ ምክንያቱን እንዲያስረዳ፣ ካላስረዳም እንዲለቀቅ እንዲታዘዝልኝ አመለክታለሁ።»

ፍርድ ቤቱ አሳሪውን ሰውየውን ይዞ እንዲቀርብ ያዛል። ከዚህ ጎን ለጎን ባሕር ዳር ላይ ጽሕፈት ቤት ላለው ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ማሳወቅ ይቻላል፤ ኮሚሽኑ የማቆያ ቦታዎችን የመጎብኘት ሥልጣን አለው።

ሁለት ገደቦች አሉ። አንደኛው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው፤ በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ታውጆ እስከ 2016 እንደዘለቀው ያለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት በአዋጅ ሊነኩ ከማይችሉት መብቶች መካከል አንቀጽ 19 አልተዘረዘረም፤ አንቀጽ 18፣ ማለትም ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው፣ ግን ተዘርዝሯል። ስለዚህ መጀመሪያ በሥራ ላይ ያለ አዋጅ መኖሩ ይጣራ። ሁለተኛው እንደ ሽብር ባሉ ወንጀሎች ላይ የሚሠራ ልዩ አዋጅ ነው፤ የጊዜ ቀጠሮውም ዋስትናውም እዚህ ከጻፍነው ይለያል። በ1954 የወጣውን የሥነ ሥርዓት ሕግ የሚተካ ረቂቅም ለዓመታት ሲዘጋጅ ስለቆየ፣ አቤቱታ ላይ የአንቀጽ ቁጥር ከመጻፉ በፊት ጠበቃው በሥራ ላይ ካለው ሕግ ጋር ያመሳክረው።